ባለ 19 መፍቻው ልኩ ነበር

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ፀሐዩ የአርባ ምንጩን ሲቀላ እንደ ምጣድ ባጋለበት ሰሞን፣ አንድ የውኃ ፓምፕ በጭነት መኪና ተጭኖ ጋራዤ በር ላይ ደረሰ። ባለቤቱ ከአርባ ምንጭ ከተማ ወጣ ብለው በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ያለፈቃዳቸው ጋዜጣ ላይ ላወጣቸው አልፈልግም። የራሴን ጥፋት ግን ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው ዞሬአለሁ፤ በዚያው ዘመን ሁሉ ጥፋቱ በሌላ ሰው ስም ሲነገር ቆይቷል።

ፓምፑ አሜሪካ ሠራሽ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ አዛውንቱ ከወንድማቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። ለሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠራላቸው። ያን ሰሞን ግን ውኃ መሳቡን ቀነሰ። ነገሩ ከባድ አልነበረም። በመሳቢያው በኩል ያለው ክዳን ጓርኒሲዮኑ አርጅቶ አየር ያስገባል፤ ፓምፕ ደግሞ በመሳቢያው አየር ካገኘ ውኃውን ይለቃል። ክዳኑን ፈትቶ፣ የገባውን ጭቃና ሥራሥር ጠርጎ፣ ጓርኒሲዮን ቀይሮ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ክዳኑን የሚይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። በቀጥታ በፓምፑ አካል ውስጥ፣ በተጣለ ብረት ላይ በተቆረጠ ፊሌቶ ይገባሉ እንጂ ከኋላቸው ዳዶ የለም። ከአራቱ አንዱ ጠፍቶ ነበር የመጣው። በሦስት ቡሎን ይሠራ ነበር።

ባለ 19 መፍቻዬን አንሥቼ በመጀመሪያው ቡሎን ራስ ላይ ሳስገባው ልክክ አለ። አይላላም፣ አይጠብቅም። ሦስቱንም ፈታኋቸው።

እዚህ ላይ በግድግዳዬ ላይ ስለነበረው ወረቀት መናገር አለብኝ። ኩራቴም ስሕተቴም የተጀመረው ከእሱ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሌላ ከውጭ የመጣ ማሽን ላይ በ13 መፍቻ የአንድ ቡሎን ራስ በልቼ ነበር። ያ ቡሎን የግማሽ ኢንች መፍቻ የሚፈልግ ነበር። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሹ 12.7 ይሆናል። የእኔ መፍቻ 13 ስለሆነ በመካከሉ የ0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ነገር ግን ክፍተት ያለው መፍቻ የሚገፋው የቡሎኑን ጠፍጣፋ ጎን ሳይሆን ስድስቱን ማዕዘኖች ነው፤ ቡሎኑ በዝገት ተይዞ ከሆነ ማዕዘኖቹ ተልጠው ራሱ ክብ ይሆናል። ክብ የሆነን ራስ ደግሞ ምንም መፍቻ አይዘውም። ያን ቡሎን በመጋዝ ቆርጬ ነው ያወጣሁት። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ተቀምጬ የኢንች መፍቻዎችን ሁሉ ወደ ሚሊሜትር መንዝሬ ጻፍኩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ላይኛውን ቁጥር ለታችኛው አካፍሎ በ25.4 ማባዛት ነው። 9/16 ሲሆን 14.29 ይመጣል፤ 14 መፍቻ አልገባም ይላል፣ 15 ደግሞ ይጨፍርበታል፤ ስለዚህ ለእሱ የኢንች መፍቻ ራሱ ከመግዛት በቀር መፍትሔ የለም። 3/4 ሲሆን 19.05 ይመጣል። የ0.05 ሚሊሜትር ልዩነት ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት አይበልጥም። ስለዚህ ከ3/4 አጠገብ «19 ይሆናል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ በቀይ አሰመርኩበት።

ይህ ስሌት ትክክል ነው። ዛሬም ትክክል ነው። የተሳሳትኩት ከስሌቱ በኋላ ባለው እርምጃ ላይ ነው።

በእኛ ገበያ ሁላችንም በለመድነው ሚሊሜትር ቡሎን፣ ራሱ 19 የሆነ ቡሎን አካሉ 12 ነው። በአዲሱ ደረጃ የሚሠሩ አንዳንዶቹ 18 ራስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሱቆቻችንን የሞላው ግን 19ኙ ነው። እጃችን ይህን ያውቀዋል። አንድ መካኒክ «19 መፍቻ አቀብለኝ» ሲል ባለ 12 ቡሎን ሊፈታ እንደሆነ ረዳቱ ያውቃል። እኔም ባለ 19 መፍቻዬ ልክ ስለሆነ ቡሎኑ ባለ 12 ነው አልኩ። መፍቻ ግን የሚለካው የቡሎኑን ራስ ብቻ ነው፤ ስለ አካሉም ስለ ጥርሱም የሚናገረው ነገር የለም። በኢንች በተሠራ ማሽን ላይ የ3/4 መፍቻ የሚይዘው ቡሎን አካሉ ግማሽ ኢንች ነው፤ ይኸውም 12.7 ሚሊሜትር። ራሶቹ በፀጉር ዘለላ ሲለያዩ አካሎቹ በ0.7 ሚሊሜትር ይለያያሉ። ጥርሶቹም አይገናኙም። በዚያ በግማሽ ኢንች ቡሎን ላይ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 13 ጥርስ አለ፤ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከሚቀጥለው 1.95 ሚሊሜትር ማለት ነው። በባለ 12 ቡሎን ላይ ግን ይህ ርቀት 1.75 ነው።

ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ኢንች ፊሌቶ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ልለካ ብል መሣቢያዬ ውስጥ ካሊፐር ነበረኝ። መፍቻው ልክ ሲሆንልኝ ጥያቄ የቀረ መሰለኝና አልለካሁም።

ረዳቴን ልኬ ከሲቀላ ገበያ አንድ ባለ 12 ቡሎን ከነሮንዴላው አስመጣሁ። ረዳቴ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነው፤ ከጨንቻ ወርዶ እኔ ዘንድ ሦስት ዓመት ሠርቷል። አባቱ ሸማኔ ናቸው። ልጁ ትዕግሥተኛ ነው፤ ዕቃ በኃይል አይነካም። ሦስቱን አሮጌ ቡሎኖች በጣቱ አዙሮ እስከ ታች አገባቸው፤ በነጻነት ሄዱለት። አራተኛውን፣ አዲሱን፣ ሲያስገባ ሁለት ዙር ሄደለትና ቆመ። መልሶ አወጣው፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠረገ፣ ዘይት ቀባ፣ እንደገና ሞከረ። አሁንም ሁለት ዙር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ጋሼ፣ ይኼ በእጅ አይሄድም፤ የእሱ አይመስለኝም» አለኝ።

አዛውንቱ አጠገባችን ቆመዋል። መኪናው በኪራይ ነው፤ ሾፌሩ ይነጫነጫል። እኔም፣

«ዝገት ነው። አምጣ ወዲህ» አልኩት። መፍቻውን ከእጁ ተቀብዬ፣ ጫፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ አስረዝሜ ገፋሁት። ተቃወመኝ፤ ከዚያ እየተንቋቋ ሄደ። መጨረሻ ላይ ድንጋይ ሆነ። ከሦስቱ ይልቅ እሱ የጠበቀ መሰለኝ።

በዚያ ቀዳዳ ውስጥ የሆነውን ዛሬ ላስረዳ እችላለሁ። ቀጭኑ ቡሎን በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ልቅ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ የጥርሶቹ ልዩነት በልቅነቱ ውስጥ ይደበቃል። በእያንዳንዱ ጥርስ ግን 0.2 ሚሊሜትር ይጠራቀማል። ከሁለት ዙር በኋላ ልቅነቱ ያልቅና ጥርስ በጥርስ ላይ ይወጣል። ልጁ በጣቱ የነካው ይህን ግድግዳ ነው። በቱቦ ሲገፋ የቡሎኑ ብረት የጠነከረ፣ የፓምፑ የተጣለ ብረት ደግሞ ተሰባሪ ስለሆነ፣ ቡሎኑ የቀዳዳውን ጥርስ እየፈረፈረ ራሱን ያስገባል። እኔ ጥብቀት ብዬ የተደሰትኩበት ያን መፈርፈር ነው። የተረፈው ጥርስም ቢሆን ቡሎኑ ቀጭን ስለሆነ ከቁመቱ በግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚያያዘው። እንዲህ ያለ ቡሎን ሲያጠብቁት ይጠብቃል። የሚለቀው ሞተሩ ሲነሣ፣ ንዝረቱ ሲጀምር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። ልጁን ይዤ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። ፓምፑ አየር እየሳበ ያጓራል፤ ውኃ የለም። ሞተሩን አጥፍቼ አዲሱን ቡሎን በጣቴ ስነካው ወዘወዘኝ። በሁለት ጣቴ ስቤ አወጣሁት። በጥርሶቹ መካከል ግራጫ ዱቄት ሞልቷል፤ የፓምፑ ብረት ዱቄት። ቀዳዳው ውስጡ ለስልሶ እንደ ቱቦ ሆኗል።

አዛውንቱ ቡሎኑን ከእጄ ተቀብለው አዩት። «ማን ነው ያጠበቀው?» አሉኝ።

እኔም «ልጁ ነው፤ ከልክ በላይ አጥብቆታል» አልኳቸው።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም ብል ውሸት በውሸት ላይ መጨመር ነው። አውቄ ነው ያልኩት። በከተማው ውስጥ ስሜን እጠብቅ ነበር፤ ልጁ የሚጠብቀው ስም ያለው አልመሰለኝም። እሱ የዕቃ ሳጥኑን እንደያዘ ቆሟል። ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አዛውንቱ ወደ እሱ ዞረው «ልጄ፣ ብረትም እኮ ይታዘንለታል» አሉት። በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፓምፑን ፈትተን በሲቀላ ወደሚገኝ የቶርኖ ባለሙያ ወሰድነው። ባለሙያው ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰና በመጀመሪያ የጠየቀኝ አሮጌዎቹን ቡሎኖች ነው። አንዱን አንሥቶ ራሱን አገላብጦ አሳየኝ። በራሱ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚወጡ ሦስት አጫጭር መስመሮች ተቀርጸዋል። ስፈታቸው አይቻቸው ነበር፤ የፋብሪካ ምልክት መስለውኝ አልፌአቸዋለሁ። «ሚሊሜትር ቡሎን ቁጥር ነው የሚጻፍበት፤ 8.8 ወይም 10.9 ይላል። መስመር ካየህ ኢንች ነው» አለኝ። መስመሮቹ የብርታት ደረጃ ናቸው፤ ሦስት መስመር ያለው ከእኛ 8.8 ጋር በብርታት ይቀራረባል። ከዚያ ካሊፐሩን አምጥቶ አካሉን ለካ፤ 12.6 እና 12.7 መካከል። የእኔን አዲሱን ለካ፤ 11.9።

ቀጥሎ ያደረገውን አልረሳውም። ሁለቱን ቡሎኖች ጎን ለጎን አጋጥሞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቸው። የመጀመሪያው ጥርስ ከጓደኛው ሸለቆ ጋር ይገጥማል። ሁለተኛው ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ብርሃን ይገባል። ስድስተኛው ላይ ጫፍ ከጫፍ ተፋጥጧል። ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው አምስት እርምጃ ነው፤ አምስት ሲባዛ በ0.2 አንድ ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ደግሞ የዚያ ጥርስ ስፋት ግማሽ ያህል ነው። ያንን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ቡሎንና አንድ መስኮት ብቻ ይበቃል። ጋራዤ በር ላይ በሚወጣው ፀሐይ ውስጥ ስንት ዘመን ተቀምጬ ነበር።

«ይህ አልጠበቀም፤ መጀመሪያውኑ የእሱ አልነበረም» አለኝ ባለሙያው። ቃሉ ልጁ ከተናገረው ጋር አንድ ነው።

የተበላውን ቀዳዳ አስፍቶ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቡሽንግ ሠርቶ አጥብቆ አስገባበትና በቡሽንጉ ውስጥ የግማሽ ኢንች ፊሌቶ፣ ባለ 13 ጥርሱን፣ ቆረጠ። ይህ ጥሩ ጥገና ነው፤ ከፊተኛው ይልቅ ይበረታል። ቡሎኑ ግን በአርባ ምንጭ አልተገኘም። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ የማውቀው ሰው ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ፓምፑ ከቆመበት እስከተነሣበት ስምንት ቀን ሆነ።

ስምንት ቀን በየካቲት። ዝናቡ ገና አልገባም። ሙዝ ግንዱ ውኃ የቋጠረ ስለሚመስል ጥም የሚችል ይመስላል፤ አይችልም። ሥሩ ከላይ ነው፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ የሚጠጣውን ቶሎ ይተነፍሳል። ፍሬ ያንጠለጠለው ሲጠማ ጣቶቹ ሳይሞሉ ይቀራሉ፤ በኋላ ቢያጠጡትም ያ ዘለላ አይመለስም። አዛውንቱ በዚያ ወር ነጋዴ የሚጭነው ዘለላ ነበራቸው። ነጋዴው መጣ፣ አየ፣ ከግማሹ በላይ ትቶ ሄደ። የቶርኖውን ዋጋም የከፈሉት እሳቸው ናቸው። እኔ የእጄን ዋጋ አልቀበልም አልኩ፤ ሰዎች ደግነት ብለው አወሩልኝ። ዝም አልኩ።

ልጁ እስከ ወሩ መጨረሻ ሠራ። ደመወዙን ተቀብሎ «ጋሼ፣ አገር ቤት ልሄድ ነው» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው አንድ የአውሮፕላን ታሪክ ነው። ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. ከእንግሊዝ በርሚንግሃም ወደ ስፔን ማላጋ የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን፣ 17,300 ጫማ ከፍታ ላይ ሲደርስ በአብራሪው ፊት ያለው መስተዋት ተነቅሎ ሄደ። አብራሪው እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተጎተተ፤ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው፣ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። የሞተ ሰው የለም። ሲመረመር መስተዋቱ ከበረራው 27 ሰዓት ያህል በፊት ተቀይሯል፤ ከ90 ቡሎኖች 84ቱ ሊገቡ ከሚገባቸው በ0.026 ኢንች የቀጠኑ ነበሩ። የጥርሳቸው ቁጥር ከትክክለኛዎቹ ጋር አንድ ስለሆነ ዳዶው ውስጥ ገብተዋል፤ የጠበቁም መስለዋል። ሠራተኛው የመረጣቸው አሮጌውን ቡሎን ይዞ በዓይኑ እያመሳሰለ ነው። 0.026ን በ25.4 አባዛሁት። 0.66 ሚሊሜትር መጣልኝ። የእኔ 0.7 ነበር።

ዛሬ በጋራዤ ግድግዳ ላይ ያ ወረቀት አለ፤ አልቀደድኩትም፤ መፍቻ ለመምረጥ ይጠቅመኛልና። ከሥሩ ግን «ይህ ራሱን ብቻ ነው» የሚል ጽፌበታለሁ። ከውጭ የመጣ ማሽን ሲገባ፣ አንድ ቡሎን ከጠፋ ወይም መቀየር ካለበት፣ ገበያ ከመላኬ በፊት ከዚያው ማሽን ጤነኛ የሆነውን ጓደኛውን እፈታለሁ። ራሱን ጠርጌ ቁጥር ነው መስመር ብዬ አያለሁ። ምልክት የሌለውም አለና በዚያ አልቆምም፤ አካሉን በካሊፐር እለካለሁ፣ ጥርሱን ከምንነቱ ከማውቀው ቡሎን ጋር አጋጥሜ ብርሃን ላይ አነሣዋለሁ። ሁለቱንም የማደርገው አንዱ ብቻውን ስለሚያታልል ነው። የ5/16 ኢንች ቡሎን 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ያረጀ ባለ 8 ቡሎንም እንዲሁ ይለካል፤ ካሊፐር አይለያቸውም። ጥርሳቸው ግን አንዱ 1.41፣ ሌላው 1.25 ስለሆነ ብርሃኑ ወዲያው ይለያቸዋል። የ3/8 ኢንች ቡሎን ደግሞ በተቃራኒው ነው። ጥርሱ 1.59 ስለሆነ ከባለ 10 ቡሎን 1.5 ጋር ይቀራረባል፤ አካሉ 9.5 ስለሆነም በባለ 10 ዳዶ ውስጥ ብዙ ሳይከራከር ይገባል። እጅ «ሄደ» ይላል፤ የያዘው ግን ጥቂት ነው፤ ስትነቀንቀው ይወዛወዛል። እሱን የሚይዘው ካሊፐር ነው።

በመጨረሻም ጣት አለ። የዚያ ፓምፕ ቀዳዳ ጥልቀቱ 20 ሚሊሜትር ያህል ነው። ትክክለኛው የግማሽ ኢንች ቡሎን በጣት ብቻ አሥር ዙር ሄዶ ታች ይደርሳል። በሁለተኛው ዙር የቆመ ቡሎን ዝገት ነው ከመባሉ በፊት ወጥቶ መታየት አለበት። በእኔ ጋራዥ ረዳት «በእጅ አይሄድም» ካለ መፍቻው ይቀመጣል። ማንም ይሁን፣ የትናንት ጀማሪ ይሁን።

ይህንንም ሁሉ እያደረግሁ አዛውንቱን ለማየት አልደፈርኩም ነበር። ባለፈው ዓመት የቶርኖውን ዋጋና ያን ወር ሊሸጡት የነበረውን ሙዝ እኔ በገመትኩት መጠን ይዤ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። ሙዛቸው መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡሎኑን ያጠበቅኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጁ አይሆንም ብሎኝ እንደነበር፣ ቱቦ ሰክቼ እንደገፋሁት ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ገንዘቡን ቆጠሩ፤ የቶርኖውን ወስደው የሙዙን መለሱልኝ።

«የሙዙን ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ነው የምትከፍለው» አሉኝ። «ለእሱስ ነገርከው?»

አልነገርኩትም። ጨንቻ ወጥቼ ጠይቄአለሁ። አባቱ በመኖሪያ ቤታቸው ሸማ ሲሠሩ አገኘኋቸው፤ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ አዳመጡኝና ልጁ መጀመሪያ ሐዋሳ፣ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ለሥራ እንደሄደ፣ የስልክ ቁጥሩ እንደተቀየረ ነገሩኝ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ። ገንዘቡን እንዲያስቀምጡለት ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉኝ።

ይህ ጽሑፍ በእጁ ከገባ ወይም የሚያውቀው ሰው ካነበበው ይድረሰው። የዚያን ፓምፕ አራተኛ ቡሎን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ቡሎኑ ባለ 12 ነበር፤ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ነበር። አንተ በሁለተኛው ዙር አውቀኸው ነበር።